የጉልበት ክኒኑ ጥናት ሲነበብ
(በሜሪላንድ በአንድ የማኅበረሰብ ስብሰባ ላይ ከቀረበ ንግግር፣ በጥቂቱ ተስተካክሎ የተጻፈ)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንደምን ዋላችሁ። የእሑድ ከሰዓታችሁን ትታችሁ ስለ ጥናት አነባበብ ለመስማት መምጣታችሁን ሳይ፣ አዘጋጆቹ ምሳውን ጥሩ አድርገው ሠርተውታል ማለት ነው ብዬ ገመትኩ። ለማንኛውም እንኳን ደኅና መጣችሁ።

የተሰጠኝ ርእስ ሰፊ ነው፤ ሰፕልመንት ሁሉ ተብሎ ነው የተሰጠኝ። እኔ ግን ፋርማሲ ውስጥ የምሠራ ሰው ነኝና አንድ ጠርሙስ ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። ይኸውላችሁ፤ ግሉኮሳሚን። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ወደ አገር ቤት ስትሄዱ ይህን ጠርሙስ ሻንጣ ውስጥ ከትታችሁ የማታውቁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? እጃችሁን አውጡ። ሦስት? አራት? በቃ፣ ሌሎቻችን ሁላችንም ተሸክመነዋል። ለእናት ጉልበት፣ ለአባት ወገብ፣ ለጎረቤት አደራ።

ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ተመልከቱ። «የመገጣጠሚያን ጤንነት ይደግፋል» ይላል። ሕመም ያስታግሳል አይልም፤ አርትራይተስ ያድናል አይልም። በአሜሪካ በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት ሰፕልመንት የሚሸጥ ድርጅት ዕቃው እንደሚሠራ አስቀድሞ ለመንግሥት ማረጋገጥ አይጠበቅበትም። በሽታ ይፈውሳል ብሎ መጻፍ ግን አይፈቀድለትም። ስለዚህ «ይደግፋል» የሚለው ቃል በጠበቃ የተመረጠ ቃል ነው። መሥራት አለመሥራቱን ለማወቅ ከጠርሙሱ ወጥተን ወደ ጥናቱ መሄድ አለብን።

ጥናቱን ስናገኝ አራት ነገር እንፈልጋለን። ከምን ጋር ተነጻጸረ? ስንት ሰው ነበረበት? የተለካው ምንድን ነው? ወጪውን ማን ከፈለ? አራቱን እኩል አልነግራችሁም፤ የመጀመሪያው ላይ ብዙ እቆያለሁ። እርሱ ካልገባን ሌሎቹ ምንም አይጠቅሙንም።

እንግዲህ የመጀመሪያው፤ ከምን ጋር ተነጻጸረ?

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት አለ፤ በአጭር ስሙ ጌይት ይባላል። የጉልበት አርትራይተስ ያለባቸው 1583 ሰዎች ተመረጡ። በዕጣ አምስት ቦታ ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ግሉኮሳሚን፣ ሁለተኛው ኮንድሮይቲን የሚባለውን ሌላ የመገጣጠሚያ ሰፕልመንት፣ ሦስተኛው ሁለቱንም አንድ ላይ፣ አራተኛው ሴሌኮክሲብ የሚባለውን የታወቀ የሕመም ማስታገሻ ወሰደ። አምስተኛው ቡድን መልኩ ከሌሎቹ የማይለይ፣ ውስጡ ግን መድኃኒት የሌለበት ክኒን ወሰደ። ፕላሲቦ የሚባለው ይህ ነው። ማን ምን እንደወሰደ በሽተኛውም አያውቅም፣ የሚመረምረውም አያውቅም። ከ24 ሳምንት በኋላ የጉልበት ሕመሙ ቢያንስ በ20 በመቶ የቀነሰለት ሰው «ተሻለው» ተብሎ ተቆጠረ።

ውጤቱን ልንገራችሁ። ግሉኮሳሚን ከወሰዱት ውስጥ ከመቶው 64ቱ ተሻላቸው።

ስልሳ አራት! ይህን ብቻ ነግሬያችሁ ብወርድ ከዚህ አዳራሽ በቀጥታ ወደ መደብር ትሄዱ ነበር። የነገርኳችሁም ሐሰት አይደለም። አሁን ደግሞ ቀጣዩን ስሙ፤ መድኃኒት የሌለበትን ክኒን ከወሰዱት ውስጥ ከመቶው 60ዎቹ ተሻላቸው።

ልብ በሉ። ስልሳ አራትና ስልሳ። በመካከላቸው ያለችው ልዩነት በዕድል ብቻ ልትመጣ የምትችል ስለሆነች አጥኚዎቹ ግሉኮሳሚን ከፕላሲቦ ይበልጣል ማለት አልቻሉም። ሁለቱን አንድ ላይ የወሰዱት 67 ገደማ ደረሱ፤ እርሱም ከዕድል የሚለይ አልሆነም። ሴሌኮክሲብ ግን 70 ደረሰ፤ ይህ ልዩነት ከዕድል በላይ ነበር። የሴሌኮክሲቡ ቡድን የገባው በከንቱ አልነበረም። የሚሠራ መድኃኒት ቢገኝ ጥናቱ ሊያየው ይችል እንደነበር ያረጋግጥልናል። «ጥናቱ ራሱ ደካማ ነው» የሚለውን ክርክር አስቀድሞ ይዘጋዋል።

ታዲያ ባዶ ክኒን ወስደው ስልሳዎቹ እንዴት ተሻላቸው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ሰዎቹ ስለሚያምኑ ነው፤ የአእምሮ ኃይል ነው» ይላል። ከፊሉ እንደዚያ ሊሆን ይችላል። ግን ትልቁ ነገር ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ በአክስቴ ታሪክ ላሳያችሁ።

አክስቴ የምትኖረው ደሴ ነው። ጉልበቷ ያማታል፤ ዓመቱን ሙሉ ግን እኩል አያማትም። ክረምቱ ሲገባ፣ ብርዱና ጭቃው ሲበረታ ይጀምራታል። ነሐሴ ሲመጣ ደግሞ ፍልሰታ ነው፤ ጾሙን ብቻ አይደለም፣ ስግደቱንም አትተወውም። እኔን የምትደውልልኝ መቼ ይመስላችኋል? በጥር አይደለም። በነሐሴ አጋማሽ፣ ከቤተ ክርስቲያን ተደግፋ በወጣችበት ቀን ነው። «ልጄ፣ ያንን የጉልበት ክኒን ላክልኝ፤ ዘንድሮስ አልቻልኩም» ትለኛለች። ሰው ፈልጌ እልካለሁ። ጠርሙሱ መስከረም ላይ ይደርሳታል። ጥቅምት ላይ ትደውላለች፤ «ተባረክ፣ ለቀቀኝ፤ ገበያ ወርጄ መጣሁ»።

እንግዲህ ፍረዱ። ፍልሰታ አለፈ፤ ስግደቱ ቆመ። ዝናቡ ቆመ፤ መስቀል ገባ፤ ፀሐይ ወጣ። ክኒኑም ተወሰደ። ጉልበቷን የፈወሰው የትኛው ነው? እርስዋ ክኒኑ ነው ትላለች፤ ውሸት አልተናገረችም፣ ያየችውን ነው የተናገረችው። ነገር ግን ክኒኑ ያልደረሰባት ዓመትም ነበር፤ መንገደኛ ጠፍቶ ቀረ። ያን ዓመትም ጥቅምት ላይ ገበያ ወርዳለች።

ወደ ጥናት የሚገቡት ሰዎችም እንደ አክስቴ ናቸው። የሚመዘገቡት ሕመሙ በበረታባቸው ሰሞን ነው። ከጫፍ የደረሰ ሕመም ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ወደ ታች ነው። በዚያ ላይ በጌይት ጥናት ውስጥ ለሁሉም ሰው፣ ባዶውን ክኒን ለሚወስዱትም ጭምር፣ ሕመም ሲበረታባቸው ፓራሲታሞል ተፈቅዶላቸው ነበር። ስለዚህ «ከመውሰዳቸው በፊትና ከወሰዱ በኋላ» ብቻ የሚያወዳድር ጥናት ስታገኙ፣ አነጻጻሪ ቡድን ከሌለው፣ ወረቀቱን አስቀምጡት። የሚነግራችሁ የአክስቴን ጥቅምት ነው።

ወደ ሁለተኛው እንለፍ፤ የሰው ቁጥር።

«1583 ሰው» ሲባል ብዙ ይመስላል። ለአምስት ሲካፈል በየቡድኑ 317 ገደማ ነው። 60 በመቶ ገደማ በሚሆኑ ሰዎች ላይ ሕመሙ በራሱ የሚቀንስ ቢሆን፣ ሌላ ምንም ሳይኖር ዕድል ብቻውን የ317 ሰው ቡድንን ውጤት ወደ 55 ሊያወርደው ወይም ወደ 65 ሊያወጣው ይችላል። ቡድኑ 70 ሰው ብቻ ከሆነ ከ48 እስከ 72 ይዋዥቃል። ሃያ ሰው ከሆነስ? ከ40 በታችም ሊሆን ይችላል፣ ከ80 በላይም። በሃያ ሰው ላይ «ሰማንያ በመቶው ተሻላቸው» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ፣ ያ ቁጥር ያለ ምንም መድኃኒት ሊገኝ እንደሚችል አስታውሱ።

አንድ ቀን አንዲት እኅት የታተመ ወረቀት ይዛ ወደ ፋርማሲያችን መጣች። ግሉኮሳሚንና ኮንድሮይቲንን አንድ ላይ የሚሸጥ ድርጅት ያወጣው ነው። «በመንግሥት ገንዘብ በተደረገ ትልቅ ጥናት፣ 79 በመቶ የሚሆኑት ተሻላቸው» ይላል። ጥናቱ ይኸው ጌይት ነው። እንዴት? ቅድም 67 አላልኩም?

ቁጥሩ እውነተኛ ነው። ከ1583ቱ ውስጥ ሕመማቸው መካከለኛና ከባድ የነበረውን 354 ሰዎች ብቻ ለይታችሁ ብታወጡ፣ ሁለቱን የወሰዱት 79፣ ፕላሲቦ የወሰዱት 54 ሆነው ይገኛሉ። ትልቅ ልዩነት ነው። ነገር ግን 354 ለአምስት ሲካፈል በየቡድኑ ሰባ ሰው ነው። ከዚህም ሌላ ቀሪዎቹ 1229 ሰዎች፣ ሕመማቸው ቀላል የሆነው፣ ምንም ልዩነት አላሳዩም፤ 63 እና 62 ናቸው። ውጤቱን በሕመም ደረጃ፣ በየመድኃኒቱ፣ በየመለኪያው እየከፈልን ስናይ ብዙ ጊዜ ዕጣ እየጣልን ነው ማለት ነው፤ ብዙ ከተጣለ አንዱ ይወጣል። እኔን ከሁሉ በላይ ያስጠረጠረኝ ግን ሌላ ነው። በእነዚሁ ከባድ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ መሥራቱ የታወቀው ሴሌኮክሲብ 69 ላይ ነው የቀረው። ሰፕልመንቱ ከሕመም ማስታገሻው በአሥር በለጠ ማለት ነው። ሊሆን ይችላል? ይችላል። ግን እንዲህ ያለ ነገር ሲታይ ከመደሰት በፊት «እስቲ ይደገም» ይባላል። አጥኚዎቹ ራሳቸውም ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ በሌላ ጥናት መረጋገጥ አለበት ብለው ጽፈዋል። ማስታወቂያው ያንን ዐረፍተ ነገር አልጠቀሰውም።

ተደገመ? ተደግሟል። ይህ ወደ ገንዘቡ ጉዳይ ይወስደናል፤ ቅደም ተከተሉን ላፍርስና ገንዘቡን አሁን ላንሳው።

በ2016 ሞቭስ የተባለ ጥናት ታተመ። ከባድና መካከለኛ ሕመም ያለባቸው 606 ሰዎች ነበሩበት፤ በትክክል የምንፈልጋቸው ሰዎች ማለት ነው። ግማሾቹ ሁለቱን ሰፕልመንት አንድ ላይ፣ ግማሾቹ ሴሌኮክሲብ ስድስት ወር ወሰዱ። ሕመማቸው በአማካይ በሁለቱም በኩል በ50 በመቶ ቀነሰ። «ሰፕልመንቱ ከመድኃኒቱ አያንስም» ተባለ።

አሁን እናንተ ፍረዱ። ምን ጎደለ? አዎ፣ እማማ፣ ልክ ነዎት፤ ባዶው ክኒን የለም። ፕላሲቦ የወሰደ ቡድን አልነበረም። ሁለቱም ሃምሳ ሲሆኑ፣ ሁለቱም ሠሩ ማለት ነው ወይስ ለሁለቱም ጥቅምት መጣላቸው? ከዚህ ጥናት ማወቅ አይቻልም። ወጪውን የሸፈነው ደግሞ ምርቱን የሚያመርተው ባዮኢቤሪካ የተባለው የስፔን ኩባንያ ነበር።

እዚህ ላይ በጥንቃቄ ልናገር። ኩባንያ ከፈለ ማለት ቁጥሩ ተፈበረከ ማለት አይደለም። የሞቭስን ቁጥሮች አምናለሁ። ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከቁጥሩ በፊት ነው፤ ጥያቄው ሲመረጥ። ከፕላሲቦ ጋር እናወዳድር ወይስ አናወዳድር? ስንት ወር ይሁን? የትኛው መለኪያ ይቅደም? እነዚህ በጠረጴዛ ዙሪያ የሚወሰኑ ናቸው፤ ጠረጴዛው ላይ ማን እንደተቀመጠ ማወቅ የሚያስፈልገንም ለዚህ ነው።

ተቃራኒ ውጤት ያገኘም አለ። በስፔን ተደርጎ በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት ሁለቱን ሰፕልመንት አንድ ላይ ከፕላሲቦ ጋር በ164 ሰዎች ላይ አወዳደረ። ፕላሲቦ የወሰዱት ሕመማቸው ይበልጥ ቀነሰ! ጥናቱ ሳያልቅ እንዲቆም ተደረገ። ይህም ትንሽ ጥናት ነውና ሰፕልመንቱ ይጎዳል ብለን አንደመድም፤ ያ 79 ግን እንደገና ፕላሲቦ ፊት ሲቀርብ አልቆመም።

የት እንደሚገኝ ልንገራችሁ። የሕክምና ጥናቶች የሚፈለጉበትን PubMed የተባለውን ድረ ገጽ ከፍታችሁ የጥናቱን ስም ጻፉ። ማጠቃለያውን ብቻ አይታችሁ አትውጡ፤ ሙሉው ጽሑፍ ከተገኘ ወደ መጨረሻው ውረዱ፤ ማን ገንዘብ እንደሰጠና ከጸሐፊዎቹ ማን ከኩባንያ ጋር ግንኙነት እንዳለው እዚያ ይጻፋል። ከዚያ ClinicalTrials.gov ላይ ተመልከቱ። አጥኚዎቹ ሥራውን ሳይጀምሩ «ዋናው የምንለካው ይህ ነው» ብለው ያስመዘገቡት፣ በኋላ ካተሙት ጋር አንድ ነውን? ካልሆነ ለምን ተቀየረ?

የቀረን፣ የተለካው ምንድን ነው የሚለው ነው። ለእኔ በጣም ብልጡ ወጥመድ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሚያታልለው ምሁሩንም ነው።

በጥር 2001 ላንሴት የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት አንድ የቤልጂግ ጥናት አወጣ። 212 ሰዎች፣ ሦስት ዓመት፣ በቀን 1500 ሚሊግራም ግሉኮሳሚን ሰልፌት፣ ፕላሲቦም አለው። እስካሁን ያስተማርኳችሁን ፈተና በደንብ ያልፋል። የጉልበታቸውን ራጅ አንስተው በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ። ክፍተቱ ሲጠብ ልም አጥንቱ እያለቀ ነው ተብሎ ይታሰባል። በሦስት ዓመት ውስጥ ፕላሲቦ የወሰዱት 0.31 ሚሊሜትር አጡ፤ ግሉኮሳሚን የወሰዱት 0.06 ብቻ። «ግሉኮሳሚን ልም አጥንትን ያድናል» የሚለው ወሬ ከዚያ ተነሣ፤ ዛሬም አልበረደም።

በመጀመሪያ ልዩነቱን አስቡት። ሩብ ሚሊሜትር ነው፤ ሁለት ሦስት ወረቀት ተደራርቦ ያህል፤ በሦስት ዓመት። በሽተኛዋ ይህን አታየውም። የምታውቀው ደረጃ መውጣቷን ነው፣ ሌሊት መተኛቷን ነው። ራጁ በእነዚህ ፈንታ ቆሞ ነው የሚመሰክረው፤ ምትክ መለኪያ የምንለው ይህንን ነው። ምትኩ ታማኝ ምስክር ካልሆነስ? ራጃቸው የተበላሸ፣ ጉልበታቸው ግን የማያማቸው ብዙ ሰዎች አሉ፤ የሚያማቸውና ራጃቸው ደኅና የሆነም እንዲሁ።

ሁለተኛ፣ ራጁ የተነሣው ሰውየው ቆሞ፣ ጉልበቱን ዘርግቶ ነው። ጉልበቱ የሚያመው ሰው ሙሉ በሙሉ መዘርጋት ይከብደዋል፤ ትንሽ ሲያጥፈው ደግሞ ክፍተቱ በራጅ ላይ ጠቦ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ሕመሙ የቀለለለት ሰው እግሩን ይበልጥ ዘርግቶ ስለቆመ ብቻ ልም አጥንቱ የዳነ ሊመስል ይችላል። ይህን ትችት የአጥንት ራጅ ባለሙያዎች ያን ጊዜውኑ አነሡት። የጥናቱ ወጪ የተሸፈነው ምርቱን በሚሠራው ሮታ በተባለ የጣሊያን ኩባንያ ሲሆን ከጸሐፊዎቹም የኩባንያው ሠራተኞች ነበሩበት።

የጌይት አጥኚዎችም በ572 ሰዎች ላይ፣ የጉልበትን አቀማመጥ በሚያስተካክል የራጅ ዘዴ፣ ሁለት ዓመት ተከታትለው በ2008 አሳተሙ። ከፕላሲቦ የሚለይ ነገር አላገኙም።

የሮታን ወገን ክርክርም መናገር አለብኝ። «ጌይት የተጠቀመው ግሉኮሳሚን ሃይድሮክሎራይድ ነው፤ የእኛ ሰልፌት ነው» ይላሉ። ተገቢ ክርክር ነው፤ ጠርሙስ ስትገዙም የትኛው እንደሆነ ጀርባውን እዩ። ነገር ግን በኔዘርላንድስ ሰልፌቱን ከፕላሲቦ ጋር ሁለት ዓመት ያወዳደረ ጥናት በ2008 ወጥቷል። 222 ሰዎች ነበሩ፤ የተጠናው የዳሌ መገጣጠሚያ እንጂ ጉልበት አልነበረም። እዚያም ልዩነት አልተገኘም።

ምትክ መለኪያን በሌሎች ጠርሙሶችም ታገኙታላችሁ። «የቫይታሚን ዲ መጠናችሁን ከፍ ያደርጋል» ይላል አንዱ። ያደርጋል! ቫይታሚን ዲ ዋጥን፣ በደማችን ተገኘ፤ ምን ያስገርማል? ጥያቄው አጥንታችን ከመሰበር ዳነ ወይ ነው። በአሜሪካ 25,871 ሰዎችን አምስት ዓመት ገደማ የተከታተለው ቫይታል የተባለ ጥናት በ2022 ያወጣው ውጤት ስብራት አልቀነሰም የሚል ነው። ይህ ግን እጥረት ስላለባቸው ተመርጠው ያልገቡ ጎልማሶችን የሚመለከት ነው። ሐኪም እጥረት አግኝቶ ያዘዘላችሁ ካላችሁ ዛሬ ማታ እንዳታቆሙት፤ አደራ።

ጥያቄ አለ መሰለኝ። ጋሼ፣ ይጠይቁ።

«አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ ከወሰድኩት ዓመታት ሆኖኛል፤ አልጎዳኝም። ልተወው ነው የምትለው?»

ጋሼ፣ ተዉት አልልዎትም፤ ገንዘቡ የእርስዎ ነው። ግሉኮሳሚን በጥናቶቹ ውስጥ ከባድ ጉዳት አላሳየም። ግን ሦስት ነገር ልጠይቅዎ። የሚወስዱት ደም ማቅጠኛ አለ? ዋርፋሪን? አለ። እንግዲያውስ ነገ ጠዋት ለሐኪምዎ ይደውሉ። ግሉኮሳሚንን ከዋርፋሪን ጋር የወሰዱ ሰዎች ደማቸው ከሚገባው በላይ መቅጠኑ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ይህ በብዙ ሰው ላይ በዕጣ የተጠና አይደለም፤ የየግለሰቡ ዘገባ ነው፤ ግን ስሕተቱ የሚያስከፍለው ደም መፍሰስ ስለሆነ በዘገባም ቢሆን እንጠነቀቃለን። ሁለተኛ፣ ሽሪምፕ ወይም ሸርጣን አለርጂ የሚሆንበት ሰው ከሆኑ፣ አብዛኛው ግሉኮሳሚን የሚሠራው ከእነርሱ ቅርፊት ነው፤ ኮንድሮይቲኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከከብት ልም አጥንት። ጾም ላይ ያላችሁም ይህን አስቡበት፤ ብዙ ሰው አትክልት ይመስለዋል። ሦስተኛ፣ በወር ስንት ያወጡበታል?

ሠላሳ ዶላር። ለዚያ ጉልበት የጭን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ የሚያሳይዎት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አለ፤ እርሱን ሐኪምዎ ሊጽፍልዎት ይችላል፤ ኢንሹራንስዎም ሊሸፍነው ይችላል። ለጉልበት አርትራይተስ እንቅስቃሴ ሕመም እንደሚቀንስ የሚያሳዩት ጥናቶች ብዙ ናቸው፤ ጥቅሙ መጠነኛ ነው፤ ለማንም ባዶ ክኒን አስመስሎ መስጠት ስለማይቻልበት ደግሞ የራሱ ድካም አለው። ቅድም የሰጠኋችሁን አራት ጥያቄ በእርሱም ላይ ጠይቁት። ነገ ሲደውሉ ግን የዋርፋሪኑን ያስቀድሙ፤ ጠርሙሱንም በእጅዎ ይዘው ይደውሉ፣ መጠኑን ይጠይቁዎታልና።